ደመወዝ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው የመጣ የቡና ቆጠራ

ጅማ ባለ የቡና መጋዘን ደመወዝ የሚዘጋው በ28 ነው። በ26 ጠዋት አንዲት ባልደረባ ደመወዝ የሚሠራውን ሰው «የጆንያ ቆጠራውን ያዝልኝ» አለችው። የመጀመሪያው መልሱ «እስቲ አያለሁ» ነበር። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው፤ ጠያቂዋ እንደ እሺታ ስለምትወስደው ሌላ ሰው አትፈልግም። ውጤት ያመጣው መልእክት ይህ ነው፦

«እህቴ፣ እስከ 28 የ64 ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ስለሆንኩ ቆጠራውን መያዝ አልችልም። ወይ በ29 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አብረን እንቁጠር፣ ወይ ያለፈውን ወር ቅጽ ልላክልሽና ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ጀምሩት። ዛሬውኑ ግድ ከሆነ የትኛው ይቅደም የሚለውን አለቃችንን አብረን እንጠይቅ።»

ምክንያቱ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይርዘም፤ ሲረዝም ክርክር ይከፍታል። ቀንና ሰዓት የሌለው አማራጭም ያው «አያለሁ» ነው።