ለጎልማሶች የመሠረታዊ ሒሳብ መዝገብ አያያዝ ኮርስ ሲታቀድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ለማታ ተማሪዎች የ16 ሳምንት ኮርስ እንዲያቅድ የተጠየቀ መምህር ብዙውን ጊዜ የኮሌጅ መማሪያ መጽሐፍ ይከፍትና ምዕራፎቹን ለሳምንታት ያከፋፍላል። እኔም የመጀመሪያውን ዕቅዴን ያዘጋጀሁት በዚሁ መንገድ ነበር። ከታች የዘረዘርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ ዕቅድ የተገኙ ናቸው።

ከትርጓሜ መጀመር። በዕቅዴ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሒሳብ አያያዝን ምንነት፣ መርሆዎቹን እና «ሀብት ከዕዳና ከካፒታል ድምር ጋር እኩል ነው» የሚለውን ቀመር የያዙ ነበሩ። በአራተኛው ሳምንት አንዲት ቅመም ነጋዴ ተማሪ በፌስታል ያመጣችውን የደረሰኝ ክምር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ «መምህር፣ ይኼንን መቼ ነው የምንጽፈው?» አለችኝ። ዕቅዱን ስመለከት መልሱ ሰባተኛ ሳምንት ሆነ።

ዛሬ በአንደኛው ሳምንት የሽያጭ ደረሰኝ፣ የግዢ ደረሰኝ፣ የባንክ ገቢ ማድረጊያ ወረቀትና የዱቤ ደብተር እየለየን እንከምራለን። በሁለተኛው ገቢ፣ ወጪ እና ቀሪ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ያሉት የገንዘብ መዝገብ እንይዛለን፤ በሦስተኛው ዱቤ ይታከላል። የመዝገቡ ግራና ቀኝ ጎኖች የሆኑት ዴቢትና ክሬዲት የሚመጡት በአራተኛው ሳምንት ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪው «ዕቃው ገባ፣ ገንዘቡ ግን አልወጣም፤ ይህን የት ልጻፈው?» ብሎ ራሱ የሚጠይቅበት ደረጃ ላይ ይደርሳል።

በዚህ ሳምንት ለአንድ ጥያቄ ብቻ ግማሽ ሰዓት መመደብ ያስፈልጋል። ባንክ ገንዘብ ሲገባልን «ሒሳብዎ ክሬዲት ተደርጓል» የሚል መልእክት ስለሚልክ፣ ጎልማሳ ተማሪ ክሬዲት ማለት ገንዘብ መግባት ነው የሚል እምነት ይዞ ነው ክፍል የሚገባው። መልእክቱ የተጻፈው ከባንኩ መዝገብ አንጻር መሆኑን፣ እኛ ያስቀመጥነው ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ስለሆነ እዚያ በክሬዲት እንደሚጻፍ፣ በእኛ መዝገብ ግን ያው ገንዘብ በዴቢት እንደሚያድግ ካልተብራራለት እስከ ሴሚስተሩ ማብቂያ ድረስ ግራና ቀኙን እያገላበጠ ይጽፋል።

የማይፈተን ሳምንታዊ ውጤት መጻፍ። ሌጀር እያንዳንዱ ሒሳብ ለብቻው የሚያዝበት መዝገብ ነው፤ «ተማሪው የሌጀርን ጥቅም ይገነዘባል» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን መገንዘቡ በምን እንደሚታወቅ ስለማይናገር ለመምህሩም ለተማሪውም አይጠቅምም። ያንኑ ሳምንት «ተማሪው 8 ግብይቶችን በቀን ቅደም ተከተል ከተጻፉበት ጆርናል ወደ ሌጀር አስተላልፎ የእያንዳንዱን ሒሳብ ቀሪ ያለ እርዳታ ያወጣል» ብለን ብንጽፈው መልመጃው ከውጤቱ ውስጥ በራሱ ይወጣል።

በየሳምንቱ አዲስ ድርጅት መፍጠር። አንድ ሳምንት ስለ ዳቦ ቤት፣ በሚቀጥለው ስለ ጋራዥ የሚያወራ መልመጃ ተማሪው በየጊዜው ከዜሮ እንዲጀምር ያደርገዋል። ከዚህ ይልቅ አንድ ምናባዊ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከአንደኛው ሳምንት እስከ አሥራ ስድስተኛው ይዞ መሄድ ይሻላል። የእኔ መደብር የመጀመሪያ ወር ይህን ይመስላል፦ ባለቤቱ 80,000 ብር በጥሬ ገንዘብ አስገባ፤ የ30,000 ብር ዕቃ በጥሬ ገንዘብ፣ የ12,000 ብር ዕቃ በዱቤ ገዛ፤ 6,000 ብር ኪራይ ከፈለ፤ 14,500 ብር በእጅ በእጅ፣ 5,400 ብር ደግሞ ለአንድ ትምህርት ቤት በዱቤ ሸጠ፤ ለልጁ የትምህርት ክፍያ ከመሳቢያው 3,000 ብር ወሰደ፤ በመጨረሻም ለዱቤ ሰጪው 7,000 ብር ከፈለ።

እነዚህ ስምንት ግብይቶች በአንደኛው ሳምንት ደረሰኝ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው የገንዘብ መዝገብና የዱቤ ደብተር፣ በአምስተኛው ሌጀር ይሆናሉ። በሰባተኛው ሳምንት የሁሉም ሒሳቦች ቀሪ በአንድነት በሚዘረዘርበት የሙከራ ሚዛን ላይ ሲሰለፉ በዴቢት በኩል ጥሬ ገንዘብ 48,500፣ ግዢ 42,000፣ ኪራይ 6,000፣ ተሰብሳቢ 5,400 እና የባለቤቱ የግል ወጪ 3,000 ብር ይቀመጣሉ። በክሬዲት በኩል ካፒታል 80,000፣ ሽያጭ 19,900 እና ተከፋይ 5,000 ብር ይገኛሉ። ሁለቱም ጎኖች 104,900 ብር ላይ ይገናኛሉ።

ሁልጊዜ የሚመጣጠን መልመጃ መስጠት። ይህን ከሁሉም የከፋ ስህተት አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም ተማሪው በሱቁ የሚያገኘው መዝገብ በመጀመሪያው ሙከራ የሚመጣጠንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ስምንተኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ለስህተት ፍለጋ መሰጠት አለበት፤ የሳምንቱ ውጤትም «ተማሪው የተበላሸ የሙከራ ሚዛን ተሰጥቶት የስህተቱን ቦታና ዓይነት ያገኛል» የሚል ይሁን።

ለመልመጃው የዚያኑ መደብር ሚዛን ሦስት ጊዜ አበላሽቼ እሰጣለሁ። በመጀመሪያው ተሰብሳቢው 5,400 በመሆን ፈንታ 4,500 ተብሎ ተጽፏል። ልዩነቱ 900 ብር ሲሆን ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ይህም ሁለት አኃዞች ቦታ ሳይቀያየሩ እንዳልቀሩ የሚጠቁም ምልክት ነው። በሁለተኛው የባለቤቱ የግል ወጪ በክሬዲት በኩል ገብቷል፤ ዴቢቱ 101,900፣ ክሬዲቱ 107,900 ይሆንና ልዩነቱ 6,000 ብር ይመጣል። እዚህ ላይ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኪራዩ ተረስቷል!» ይላል፤ ኪራዩ 6,000 ብር ስለሆነ ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ኪራዩ ግን በቦታው አለ። ልዩነቱን ለሁለት ከፍሎ 3,000 ብር የሆነ ሒሳብ በተሳሳተ ጎን ተጽፎ እንደሆነ መፈለግን የሚማሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሮቹን ሆን ብዬ እንዲህ የመረጥኳቸው፣ አንድ ልዩነት ሁለት ተጠርጣሪዎች ሊኖሩት እንደሚችል እንዲያዩ ነው።

ሦስተኛው በትክክል ይመጣጠናል፤ ሁለቱም ጎኖች 104,900 ናቸው። ነገር ግን የልጁ የትምህርት ክፍያ ኪራይ ውስጥ ስለተጻፈ ኪራዩ 9,000 ሆኖ፣ የወሩ ትርፍ በ3,000 ብር አንሶ ይታያል። ይህን ሚዛኑ ብቻውን አያሳይም፤ ወደ አከራዩ ደረሰኝ መመለስ ግድ ይላል። የቤቱንና የሱቁን ገንዘብ ከአንድ መሳቢያ ለሚያወጣ ነጋዴ የሚያጋጥመው ስህተት ደግሞ በብዛት ይኸኛው ነው።

ፒችትሪ የተባለውን የኮምፒዩተር ሒሳብ ፕሮግራም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መወሸቅ። ተመዝጋቢ ለመሳብ ሲባል ይደረጋል፤ ሌጀር በእጁ ያልያዘ ሰው ግን ኮምፒዩተሩ የሰጠውን ስህተት አያውቀውም። ራሱን የቻለ ቀጣይ ኮርስ ይሁን።

የቀን መቁጠሪያውን ሳያዩ ማቀድ። ጥቅምት 15 የሚጀምር ኮርስ ገናን በ11ኛው፣ ጥምቀትን በ13ኛው ሳምንት ያገኛቸዋል። ነጋዴው ተማሪ ከበዓሉ አስቀድሞ ባሉት ቀናት በገበያ ተጠምዶ ስለሚያመሽ፣ የ10ኛው ሳምንት ክፍልም ተማሪ ማነሱ አይቀርም። የራስን መዝገብ ከባንኩ መዝገብ ጋር ማመሳከር የሆነውን የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን እዚያ ያስቀመጠ ዕቅድ ከበዓሉ በኋላ እንደገና ለማስተማር ይገደዳል። እኔ ማስታረቁን ወደ 9ኛው ሳምንት አምጥቼ፣ 10ኛውን ለዱቤ ደብተር ክለሳ፣ 11ኛውንና 13ኛውን ተማሪው ከራሱ ሱቅ ያመጣቸውን ደረሰኞች ለመመዝገብ ትቻቸዋለሁ፤ የቀረ ሰው የሚያመልጠው አዲስ ትምህርት የለም፣ የመጣውም ባዶ እጁን አይመለስም።