የባንክ ስሊፕ በእጅ፣ በግብር ሲስተሙ ላይ ግን ባዶ፦ የጠፋ ክፍያ እንዴት ይፈለጋል?

ይህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ግብር ከፋዩ ለጨረታ ወይም ለንግድ ፈቃድ እድሳት ክሊራንስ ሊጠይቅ ሲሄድ ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ ኮምፒውተሩን አይቶ «የታኅሣሥ የተጨማሪ እሴት ታክስ አልተከፈለም፣ ቅጣትና ወለድም አለበት» ይላል። ግብር ከፋዩ ማህተም ያረፈበትን ስሊፕ አውጥቶ ያሳያል። ባለሙያው ስሊፑን ያያል፣ ሲስተሙን ያያል፣ ከዚያም «ክፍያው አይታይም» ብሎ ይመልስለታል።

ክፍያው የተፈጸመው ትናንት ወይም ዛሬ ከሆነ ጥቂት የሥራ ቀናት መጠበቅ ነው። እዚህ የምጽፈው ሳምንታትና ወራት ስላለፈው ክፍያ ነው።

ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ስሊፑ ምን እንደሚያረጋግጥ መረዳት ያስፈልጋል። ስሊፑ ይህን ያህል ብር፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሂሳብ ቁጥር ገባ ይላል። ለየትኛው የታክስ ዓይነት፣ ለየትኛው ወር፣ በማን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እንደተከፈለ የሚናገረው ግን የክፍያ ማዘዣው ነው። ባንኩ የማዘዣ ቁጥሩን ካላስገባ ገንዘቡ መንግሥት ሂሳብ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ባለቤት የሌለው ገቢ ይሆናል። ዕዳው ደግሞ እንዳለ ይቀጥላል።

ዋናው ምክንያት፦ ያለ ማዘዣ ቁጥር የገባ ገንዘብ

በእኔ እጅ ካለፉት ጉዳዮች አብዛኞቹ ይኸው ናቸው። የሒሳብ ሠራተኛው ማሳወቂያውን ይሞላል፣ ገንዘቡን ለተላላኪ ይሰጣል። ተላላኪው ወረፋው ረዝሞበት ተራውን የገቢ ማድረጊያ ቅጽ ያነሳና በግብር ጽሕፈት ቤቱ ሂሳብ ቁጥር ላይ ብሩን ያስገባል። «የአስገቢው ስም» በሚለው ቦታ የራሱን ስም ይጽፋል። የድርጅቱ ስም የለም፣ መለያ ቁጥሩ የለም፣ «ምክንያት» የሚለው መስመር ባዶ ነው። ስሊፑ ፋይል ውስጥ ይገባና ሁሉም ሰው ሥራው እንዳለቀ ያምናል። አንድ መስመር መጻፍ የሚያድነውን ጣጣ ሰው እያወቀ ሲተወው ማየት በጣም ያናድዳል።

አንድ የግንባታ ዕቃ አቅራቢ ድርጅት የገጠመውን ልተርክ፣ ምክንያቱም አካሄዱ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። የታኅሣሥ 2016 የተጨማሪ እሴት ታክሱ 186,400 ብር ነበር። የመክፈያው ጊዜ የሚያበቃው ጥር 30 ሲሆን፣ ገንዘቡ ጥር 28 ባንክ ገብቷል። በሰኔ መጀመሪያ ለጨረታ ክሊራንስ ሲጠይቅ ዕዳው ሳይከፈል ተቀምጦ አገኘው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ያልተከፈለ ታክስ ለመጀመሪያው ወር ወይም የወሩ ክፍል 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር ወይም የወሩ ክፍል 2 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። የየካቲት 5 በመቶ፣ የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት ሁለት ሁለት በመቶ ሲደመሩ እስከ ግንቦት መጨረሻ ብቻ 11 በመቶ፣ ማለትም 20,504 ብር ሆነ። ወለዱ ከዚህ ውጭ ነው።

መጀመሪያ ያየነው በስሊፑ ላይ ያለውን የግብይት ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቁጥሮች ለዚህ ሥራ በጣም ይረዳሉ። በጥሬ ገንዘብ በመስኮት የገባ ክፍያ `TT`፣ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ የተዛወረ ደግሞ `FT` ብሎ ይጀምራል። ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጆቹ ዓመት፣ ከነሱ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተቆጠረ የቀን ተራ ቁጥር ናቸው። በዚህ ስሊፕ ላይ የነበረው `TT24037` ብሎ ይጀምራል። ይህ የ2024 ዓመት 37ኛ ቀን፣ ፌብሩዋሪ 6 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 28 ቀን 2016። ማህተሙ ላይ ያለው ቀንና ቁጥሩ ተስማሙ ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ ቀርቷል የሚለው ጥርጣሬ ቀነሰ።

ሁለተኛው ሥራ የገባበትን ሂሳብ ቁጥር ማረጋገጥ ነው። ስሊፑ ላይ ያለውን የሂሳብ ቁጥር ግብር ከፋዩ የሚተዳደርበት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ከሚጠቀምበት ጋር አኃዝ በአኃዝ ማስተያየት ያስፈልጋል። እዚህ ትክክል ነበር። ቁጥሩ የሌላ ቅርንጫፍ ሆኖ ቢገኝ ፍለጋው ወደዚያ ቅርንጫፍ ይዞራል። የፌደራል ግብር ከፋይ ሆኖ ሳለ በከተማ አስተዳደሩ ሂሳብ ያስገባ ሰው ደግሞ ረጅም ጉዞ ይጠብቀዋል፣ ገንዘቡ ከአንድ ግምጃ ቤት ወደ ሌላ መሄድ አለበትና።

ቀጥሎ ከባንኩ ቅርንጫፍ በድርጅቱ ደብዳቤ ማረጋገጫ ጠየቅን። እዚህ ላይ ሰዎች «መክፈሌን ይጻፉልኝ» ብለው ይጠይቁና የማይጠቅም ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። ደብዳቤው የግብይት ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የብሩን መጠን፣ ገቢ የተደረገበትን ሂሳብ ቁጥርና ባለቤት፣ እንዲሁም የአስገቢውን ስም መያዝ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግብይቱ እንዳልተመለሰ መግለጽ አለበት። የባንክ ሠራተኛ የተሳሳተ ግብይትን በዚያው ቀን ሰርዞ ሌላ ሊሠራ ይችላል፤ በደንበኛው እጅ ያለው ስሊፕ ግን የተሰረዘው ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወደ ግብር ጽሕፈት ቤቱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ክሊራንስ የሚሰጠው መስኮት ላይ ቆመው ይከራከራሉ። እዚያ ያለው ባለሙያ ማየት የሚችለው በግብር ከፋዩ ስም የተመዘገበውን ብቻ ነው። ያልታወቀው ገንዘብ የሚገኘው የባንክ መግለጫ ተቀብሎ ከተሰበሰበው ገቢ ጋር በሚያስታርቀው የገቢ ሂሳብ ክፍል ነው። ማመልከቻው ለዚያ ክፍል ይጻፍ፤ የስሊፑ ቅጂ፣ የባንኩ ደብዳቤ፣ የታክስ ማሳወቂያው ቅጂና የተላላኪው የድርጅቱ ሠራተኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይያያዝበት። የጥር 28 የባንክ መግለጫ ሲገለጥ 186,400 ብር በተላላኪው ስም ተመዝግቦ፣ ጎኑ ላይ ምንም ደረሰኝ ሳይቆረጥበት ተገኘ።

አሁን የሚመጣው ነጥብ ብዙ ገንዘብ የሚያድን ስለሆነ በደንብ ይነበብ። ባለሙያው ክፍያውን ሲመዘግብ የክፍያ ቀን እንዲያስገባ ሲስተሙ ይጠይቀዋል። የዛሬን ቀን ካስገባ ዕዳው ይዘጋል፣ ቅጣቱና ወለዱ ግን ይቀራል፣ ምክንያቱም ለሲስተሙ የተከፈለው በሰኔ ነው። የሚመዘገበው ገንዘቡ ባንክ የገባበት ቀን መሆን አለበት። በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የተቆረጠው ደረሰኝ የሰኔ ቀን ይዞ ወጣ። ደረሰኙን ተቀብለን ብንሄድ ኖሮ 20,504 ብሩ ከነወለዱ ድርጅቱ ላይ ይቀር ነበር። መስኮቱን ሳንለቅ አንብበን አስተካክለነው፣ ቀኑ ጥር 28 ሲሆን ቅጣቱ እንዲነሳ በጽሑፍ ጠየቅን፣ ተነሳም። ደረሰኝ ሲሰጥዎ እዚያው ቆመው የመለያ ቁጥሩን፣ የታክሱን ዓይነት፣ ወሩንና ቀኑን ያንብቡ።

ፍለጋው ሲካሄድ የሚከተሉትን አያድርጉ። ዋናውን ስሊፕ ለማንም አይስጡ፤ ቅጂ ያቅርቡ፣ ዋናውን አሳይተው ይመልሱ። የወረቀቱ ቀለም በጥቂት ወራት ሊጠፋ ስለሚችል በዕለቱ ኮፒ ያንሱት። «ለጊዜው ደግመው ይክፈሉ፣ በኋላ ተመላሽ ይጠይቃሉ» የሚል ምክር ከተሰጠዎ አይቸኩሉ፤ ተመላሽ ማስወጣት የጠፋ ክፍያ ከመፈለግ ይከብዳል። የተስተካከለ ማሳወቂያ በመላክ ችግሩን ለመፍታትም አይሞክሩ፣ ማሳወቂያው ላይ ስህተት የለምና አዲስ ውዝግብ ብቻ ይጨምራል።

ሌላው ማስጠንቀቂያ የጊዜ ገደብ ነው። ቅጣቱ ወይም ዕዳው በጽሑፍ የታክስ ውሳኔ ሆኖ ከደረሰዎ ቅሬታ ለማቅረብ ያለዎት 21 ቀን ብቻ ነው። ባንክና ቢሮ ሲመላለሱ ቀኑ አይቆምም። ማስረጃው ባይሟላም ቅሬታውን በጊዜው ያስገቡ።

ገንዘቡ በመለያ ቁጥሩ ገብቶ በሌላ ወር ወይም በሌላ ታክስ ሲቀመጥ

ይህ ሁለተኛው ተደጋጋሚ ነው፤ ለማግኘት ግን ቀላል ነው። ምልክቱ በአንድ ወር ዕዳ፣ በሌላው ደግሞ ተመሳሳይ መጠን ያለው ትርፍ ክፍያ መኖሩ ነው። ስለዚህ የአንድ ወር መረጃ ብቻ አይጠይቁ፤ የሁሉንም የታክስ ዓይነቶች የዓመት የሂሳብ መግለጫ ያስወጡ፣ ከዚያም ያንኑ የብር መጠን በዓይን ይፈልጉ።

ብዙ ጊዜ መነሻው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ታኅሣሥ 2016 በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 11 እስከ ጃንዋሪ 9 ነው። ክፍያው የሚፈጸመው ደግሞ በጥር፣ ስሊፑ ላይ የሚታየው ፌብሩዋሪ። መዝጋቢው የተከፈለበትን ወር እንደ ታክሱ ወር ከወሰደ የታኅሣሡ ገንዘብ ጥር ላይ ይቀመጣል። ከሠራተኞች ደመወዝ የተቀነሰ ግብርም በተጨማሪ እሴት ታክስ ስር ገብቶ አግኝቻለሁ፣ ሁለቱ በአንድ ቀን ሲከፈሉ ይህ ይደርሳል። መፍትሔው የማዛወሪያ ማመልከቻ ነው። እዚህም ሲዛወር የመጀመሪያው የክፍያ ቀን እንዲጠበቅ በማመልከቻው ውስጥ በግልጽ ይጻፉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የመለያ ቁጥር አንድ አኃዝ ተሳስቶ ክፍያው ለሌላ ግብር ከፋይ ሊመዘገብ ይችላል፤ የሌላውን ሰው መዝገብ ስለሚነካ በጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ፈቃድ ብቻ ይስተካከላል። በሲፒኦ የተከፈለ ከሆነ ባንኩ ሲፒኦውን መክፈሉን ያረጋግጡ።

የመጨረሻው ሐሰተኛ ስሊፕ ነው። ገንዘቡን ለጉዳይ አስፈጻሚ ሰጥተው ስሊፕ ብቻ ከተቀበሉ፣ የግብይት ቁጥሩን የቀን አኃዞች ማህተሙ ላይ ካለው ቀን ጋር ያስተያዩ፣ ከዚያም ራስዎ ባንኩ ሄደው ይጠይቁ፤ አስፈጻሚውን መልሰው አይላኩት። ባንኩ «እንዲህ ያለ ግብይት የለም» ካለ ዕዳው የእርስዎ ነው፣ ቅጣቱም እየቆጠረ ነው። ታክሱን በዚያው ቀን በትክክለኛ ማዘዣ ይክፈሉ፤ ስሊፑንና የባንኩን ምላሽ ይዘው ወደ ፖሊስ የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።