አንዱ ኤርበድ ዝም ሲል መጀመሪያ ኬዙን እዩት

ደሴ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ኤርበድ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ «የግራው ተቃጠለ» ብሎ ነው የሚጀምረው። አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም፤ ቻርጅ አላገኘም።

በሌላ ስልክ እንደሞከራችሁት ቆጥሬ ልቀጥል። ድምፁ በየሳምንቱ እየቀነሰ ከጠፋ ወንፊቱን ኩክ ደፍኖታል። ቀዳዳውን ወደታች አዙራችሁ በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። መርፌ አታስገቡ። ሁለቱም ቻርጅ እያላቸው አንዱ ዝም ካለ ስልኩ ላይ Accessibility ውስጥ ገብታችሁ የግራና ቀኝ ሚዛኑ መሃል ላይ መሆኑን እዩ። ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ትንሽ ደቂቃ ሰርቶ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ደክሟል። በቢላ ፈልቅቃችሁ ልትከፍቱት አትሞክሩ፤ ሊቲየም ነው፣ ከተወጋ ይነዳል።

ትናንት ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ከኬዙ ሲወጣ መብራት እንኳ ካላሳየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኬዙ ውስጥ ኤርበዱ በሚቀመጥበት ጎድጓዳ ትንንሽ የወርቅ ቀለም ያላቸው ፒኖች አሉ። ከስር ስፕሪንግ ስላላቸው ሲጫኗቸው ገብተው ይመለሳሉ። ኤርበዱ ላይ ደግሞ ትይዩ የሆኑ ጠፍጣፋ ነጥቦች አሉ። ቻርጅ የሚያልፈው እነዚህ ሲነካኩ ብቻ ነው። ላብ፣ የፀጉር ቅባትና የኪስ አቧራ ለወራት ተጠራቅመው መሃላቸው ስስ ሽፋን ይሠራሉ።

ባለፈው አንዲት ተማሪ መጣች። ቅቤ ተቀብታ ሳለ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነው የምታጠናው። «ወንድሜ፣ ሦስቴ ሪሴት አድርጌዋለሁ፣ አልመለስ አለ» አለችኝ። አብሽሪ ብዬ ሁለቱንም ኬዙ ውስጥ ከተትኳቸው። የቀኙ ቀይ አበራ፣ የግራው ጨለማ። የግራውን በጣቴ ጫን ሳደርገው ቀይ ብልጭ አለ። ስለቀው ጠፋ። ከዚህ በኋላ መጠራጠር አያስፈልግም፤ ጥፋቱ መነካካቱ ላይ ነው።

ሌላም ምልክት ነበራት። ሰው ሲደውልላት ድምፅ አይሰማትም ነበር። ፒኑ ካልነካው ኤርበዱ ኬዝ ውስጥ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ አይጠፋም። ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ከስልኩ ጋር እንደተገናኘ ያድራል፣ ጥሪውንም እሱ ይቀበላል። ቻርጁንም በዚያው ይጨርሳል።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። የጆሮ ጥጥ ጫፍ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ትንሽ ይነካል፤ እርጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። ፒኖቹንና ነጥቦቹን አሹ። የሷ ጥጥ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ወጣ። ከዚያ ፒኖቹን አንድ በአንድ በእንጨት ስንጥር ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ መመለስ አለባቸው። ወርዶ የሚቀር ካለ በአልኮል ነክታችሁ አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት። በወረንጦ አትጎትቱት፤ ከተነቀለ ኬዙ አለቀ ማለት ነው። የጠቆረው ነጥብ ካልለቀቀ በንጹህ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ አሹት። ምላጭና ብርጭቆ ወረቀት የወርቁን ሽፋን ስለሚገፍ በወሩ እዚያው ትመለሳላችሁ። ሽቶም አይሆንም። በአረቄ ያጸዳ ሰው አጋጥሞኛል፤ ፒኖቹ ተጣብቀው ነው የመጡት!

እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ክፍቱን ተዉት። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ሰዓት ቻርጅ አድርጉ። ሪሴት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። የልጅቷ ስህተት እዚህ ላይ ነበር፤ አንዱ ሞቶ ሳለ ሪሴት ስታደርግ የቀረው ብቻውን መሥራት ጀመረ። ስልኩ ብሉቱዝ ላይ የኤርበዱን ስም ነክተን Forget አልነው። ሁለቱንም አንድ ላይ አውጥተን እርስ በርስ እስኪገናኙ ጠበቅን፣ ከዚያ እንደ አዲስ ከስልኩ ጋር አገናኘናቸው። የአንዳንዱ አዝራር አያያዝ ስለሚለይ የራሱን መመሪያ ተከተሉ።

ጸድቶም ተጭኖም ካላበራ አሁንም ተቃጠለ አትበሉ። የጆሮ ጎማውን እዩ። አንድ የኮምቦልቻ ባጃጅ ነጂ ጎማው ጠፍቶበት ከገበያ ትልቅ ጎማ ገዝቶ አጠለቀ። ክዳኑ ሲዘጋ ጎማው ኤርበዱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ፒኑም አይደርስበትም። ጎማውን አውልቄ ስከተው ወዲያው ቀይ አበራ። «ታዲያ ለዚህ ነው ደሴ ድረስ የወጣሁት?» አለኝ።