የታይፎይድ ከልቸር ውጤት ሲመጣ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ የ26 ዓመት ወጣት እንውሰድ። ትኩሳት ከያዘው ስምንት ቀን ሆኖታል። ራሱን ያመዋል፣ ምግብ አስጠልቶታል። ታይፎይድ ተጠርጥሮ ደሙ ለከልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያው በላብራቶሪ አድጎ ለሚለይበት ምርመራ ተወሰደ። ወዲያው ሴፍትሪያክሶን በቀን 2 ግራም በደም ሥር ተጀመረለት። በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ደረሰ፦ ሳልሞኔላ ታይፊ። አምፒሲሊን፣ ክሎራምፌኒኮልና ኮትሪሞክሳዞል «አር» ናቸው፤ ባክቴሪያው ተላምዷቸዋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን «አይ» ነው፣ መካከለኛ። ሴፍትሪያክሶን፣ አዚትሮማይሲንና ጄንታማይሲን «ኤስ» ተብለዋል፣ ይሠራሉ ማለት ነው። ትኩሳቱ ግን አሁንም 39 ነው። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ መድኃኒት፣ ከዚያ ደም

ለዚህ ልጅ ደሙ የተወሰደው ከመድኃኒቱ በፊት ስለሆነ ነው ውጤት የተገኘው። በታይፎይድ ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ አንድ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአዋቂ ቢያንስ 10 ሚሊ ሊትር ደም ያስፈልጋል። 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ተወስዶ «የለም» ቢባል ብዙም አያስተማምንም። በደንብ ተወስዶም ቢሆን ከልቸር ከአሥር በሽተኞች አራቱን ያህል ሊያመልጠው ይችላል። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ የቱ መድኃኒት እንደሚሠራ ጨርሶ አይነግረንም።

«አይ»ን እንደ «ይሠራል» ማንበብ

በእኔ እምነት በጣም የሚጎዳው ስህተት ይኸኛው ነው። ሲፕሮ በአፍ ይወሰዳል፣ በሽተኛው ቤቱ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «መካከለኛ ነው እንጂ አልተላመደም» ብሎ መቀየር ያጓጓል። ግን ለታይፎይድ «አይ» ማለት ባክቴሪያው መላመዱን ጀምሯል ማለት ነው። ሲፕሮ የሚያርፍበት የባክቴሪያው ኢንዛይም ተቀይሯል፤ መድኃኒቱ እንደ ድሮው አይዝም። እንዲህ ሲሆን ትኩሳቱ ይጓተታል፣ ሕክምናውም ሊከሽፍ ይችላል።

አንዳንዴ ወረቀቱ ራሱ ያሳስታል። ለሳልሞኔላ ሲፕሮ «ኤስ» የሚባለው ባክቴሪያውን የሚያቆመው መጠን በሚሊ ሊትር 0.06 ማይክሮ ግራም ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ከ0.12 እስከ 0.5 ያለው «አይ» ነው። ለሌሎች የአንጀት ባክቴሪያዎች የሚያገለግለው መለኪያ ከዚህ ላላ ያለ ነው። ላብራቶሪው በዚያኛው ከለካ፣ «አይ» መሆን የነበረበት «ኤስ» ተብሎ ይወጣል። የሲፕሮ ዘመድ የሆነው ናሊዲክሲክ አሲድ «አር»፣ ሲፕሮ ግን «ኤስ» የሚል ውጤት ካዩ ላብራቶሪውን ደውለው በየትኛው መለኪያ እንደሠራ ይጠይቁ።

ጄንታማይሲን «ኤስ» ስለተባለ መስጠት

የታይፎይድ ባክቴሪያ የሚደበቀው በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ነው። ጄንታማይሲን እዚያ በበቂ መጠን አይገባም። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ይገድለዋል፣ በሽተኛው ላይ ግን አይሠራም። ሴፋሌክሲንና ሴፉሮክሲምም እንዲሁ ናቸው።

ትኩሳቱ አልወረደም ብሎ በሦስተኛው ቀን መድኃኒት መቀየር

ሴፍትሪያክሶን የሚሠራበት ታይፎይድ እንኳ ትኩሳቱ እስኪወርድ አምስት ስድስት ቀን ሊወስድ ይችላል። የልጁ 39 ገና አያስደነግጥም። ምግብ መቅመስ ከጀመረና ትኩሳቱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከቀነሰ በያዘው ይቀጥል። መድኃኒት ከመደራረብ ይልቅ ሆዱን መመርመር ይሻላል። ድንገተኛ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መጠንከር፣ ደም ያለበት ሰገራ ወይም የደም ግፊት መውረድ አንጀት መበሳቱን ወይም መድማቱን ሊያመለክት ይችላል። ያኔ የሚያስፈልገው አፋጣኝ የቀዶ ሐኪም እይታ ነው። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ትኩሳቱ ከሳምንት ካለፈ ደግሞ የተቋጠረ መግል ወይም ሌላ ኢንፌክሽን መኖሩ ይፈለጋል።

ልጁ ሲሻለውና መብላት ሲችል ወደ አፍ መድኃኒት መሻገር ይቻላል። ውጤቱ የሚመርጥለት አዚትሮማይሲንን ነው፣ ሲፕሮን አይደለም። በመርፌው ከቀጠለም ትኩሳቱ በወረደ ማግስት አይቆምም፣ 10 ቀን ይሞላል።

ሴፍትሪያክሶን «አር» ሲሆን መጠኑን ጨምሮ መቀጠል

እ.ኤ.አ. በ2016 በፓኪስታን ሲንድ ግዛት የተነሳው ታይፎይድ እንደ አምፒሲሊን ያሉትን የድሮ መድኃኒቶች፣ ሲፕሮንና ሴፍትሪያክሶንን በአንድነት የተላመደ ነበር። እንዲህ ያለው ሲገጥም ሴፍትሪያክሶንን እጥፍ ማድረግ አይረዳም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። በሽተኛው ካልጠናበትና መዋጥ ከቻለ አዚትሮማይሲን በመጀመሪያው ቀን 1 ግራም፣ ከዚያ በቀን 500 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው 7 ቀን ይሰጣል። ራሱን ከሳተ፣ ከደማ ወይም ግፊቱ ከወረደ ሜሮፔነም በደም ሥር ይጀመራል። አዚትሮማይሲን ሴል ውስጥ በብዛት ቢከማችም ደም ውስጥ ያለው መጠን ዝቅተኛ ስለሆነ ለጠና በሽተኛ ብቻውን አይታመንም።

ድኖ ከሄደ በሁለት ሦስት ሳምንት ትኩሳቱ ከተመለሰ የቀድሞውን ወረቀት አይተው መድኃኒት አይዘዙ። ደሙ እንደገና ለከልቸር ይወሰድ።