የእርካታ መጠይቅን የሚመልሱት የረኩ ደንበኞች ብቻ ሲሆኑ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ

አንድ ባንክ ለ4,000 ደንበኞቹ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የእርካታ መጠይቅ ላከ እንበል። 400 ሰዎች መለሱ፤ ከእነርሱም 360ዎቹ «ረክቻለሁ» አሉ። ሪፖርቱ 90 በመቶ ብሎ ይወጣል። በዚያው ወር ግን የሚዘጉ ሂሳቦች እየበዙ ነው። መጠይቁና መዝገቡ ሲጋጩ በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት መጠይቁ ነው።

ምክንያቱ

ዝም ያሉት 3,600 ደንበኞች ምን እንደሚያስቡ አልታወቀም። ሁሉም ያልረኩ ቢሆኑ እውነተኛው እርካታ 9 በመቶ፣ ሁሉም የረኩ ቢሆኑ 99 በመቶ ይሆናል። 90 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ስለ መላሾቹ ብቻ ነው። መልእክቱን ለ40,000 ሰው መላክም አያድንም፤ የሚመልሱት ያው ዓይነት ሰዎች እስከሆኑ ድረስ መዛባቱ እንዳለ ይቀጥላል።

ማረጋገጫው በባንኩ እጅ ይገኛል። የመላሾቹን ዝርዝር ካለፉት 6 ወራት የቅሬታ መዝገብ ጋር ያመሳክሩ። መጠይቁ ከተላከላቸው 25 በመቶው ቅሬታ አቅርበው ሳለ፣ ከመላሾቹ ግን ቅሬታ ያቀረቡት 5 በመቶ ብቻ ከሆኑ፣ የጎደሉት እነማን እንደሆኑ ታወቀ።

መፍትሄው

ፈጣኑ መንገድ ለመልሶቹ ክብደት መስጠት ነው፤ የቅሬታ አቅራቢዎቹን መልስ 25 ለ5 ሲካፈል በሚገኘው 5፣ የሌሎቹን 75 ለ95 ሲካፈል በሚገኘው 0.79 ማባዛት። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልተማመንም። 20 መላሾች የ1,000 ሰው ድምፅ ይሸከማሉ፤ በተጨማሪም ቅሬታ አቅርቦ መጠይቁን የመለሰውና ተስፋ ቆርጦ ዝም ያለው አንድ ዓይነት አስተያየት አላቸው ብሎ መገመትን ይጠይቃል።

የሚሻለው ዝም ካሉት መካከል ጥቂቶችን በዕጣ መርጦ አጥብቆ መፈለግ ነው። ሃንሰንና ሃርዊትዝ የተባሉ አሜሪካውያን የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ይህን ዘዴ በ1946 እ.ኤ.አ. አቅርበውታል። ከ3,600ዎቹ 120 ሰዎች በዕጣ ይለዩ፤ በተለያየ ቀንና ሰዓት ደጋግሞ ይደወልላቸው። ያልተገኘውን ሰው ስልክ ቶሎ በሚያነሳ ሌላ ሰው መተካት ክልክል ነው፤ ያንኑ ችግር በሌላ በር ያስገባልና። 100ዎቹ ተገኝተው 55ቱ ረክተናል ቢሉ፣ ከ4,000ዎቹ 0.1 ያህሉ መላሾች፣ 0.9 ያህሉ ዝም ያሉት ስለሆኑ ስሌቱ እንዲህ ነው፦

```
0.1 × 90 + 0.9 × 55 = 58.5
```

ከ90 ወደ 58.5 ወረደ። የናሙናው ማነስ ግምቱን ከ50 እስከ 67 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ስለሚያስቀምጠው፣ ሪፖርቱ ላይ ክልሉም መጻፍ አለበት። ሳይገኙ የቀሩት 20 ሰዎች ሁሉ ያልረኩ ቢሆኑ ደግሞ ግምቱ ራሱ ወደ 50 ዝቅ ይላል።

በስልክ ሲጠየቅ ይሉኝታ ይዞት «ጥሩ ነው» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። ስለዚህ ደዋዩ ደንበኛው የሚያውቀው የቅርንጫፉ ሠራተኛ አይሁን። የእርካታው ጥያቄ በመልእክቱ ላይ እንደነበረው ቃል በቃል ይነበብ፤ ከዚያም «ባለፈው ወር ወረፋ ላይ ምን ያህል ቆዩ?»፣ «ገንዘብዎን ወደ ሌላ ባንክ አዛውረዋል?» የሚሉ፣ በትህትና ሊሸፈኑ የማይችሉ ጥያቄዎች ይከተሉ።