የጥምቀት ቪዲዮ ሲያጥር የሚበላሹ ነገሮች፦ ችግርና መፍትሄ ከጎንደር

ዘንድሮ ከተራና ጥምቀትን በስልክ ስቀርፅ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆነብኝ፣ ውጭ ላለችው አክስቴና ለልጆቿ 9 ደቂቃ አርጌ ላኩት፣ ግን እዚህ ለመድረስ ሁለቴ አፍርሼ ሰራሁት። የተበላሸውንና ያስተካከልኩትን ልንገራችሁ።

ችግር፦ ወረቡ ይቆራረጣል፣ ያየው ሰው "ምን እንዳሉ አልሰማሁም" ይላል

ምክንያቱ እያንዳንዱ ክሊፕ የራሱን ድምፅ ይዞ መምጣቱ ነው። ስዕሉን በየ4 ሰከንዱ ስንቀይር ዝማሬውም አብሮ ይሰበራል። ሌላው ደግሞ ወረብ ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ መጀመሪያ ዜማው ብቻ፣ ከዛ መቋሚያው ይወዛወዛል፣ ጸናጽሉ ይገባል፣ ከበሮው እየጠነከረ ሄዶ መጨረሻ ላይ ጭብጨባና እልልታ ይሆናል። እኛ ደሞ የሞቀውን ብቻ እንቆርጥና የሚያሞቀውን እንጥላለን፣ ስለዚህ ጭብጨባው ድንገት የመጣ ጩኸት ይመስላል።

መፍትሄው ከድምፁ መጀመር ነው። ሳይቋረጥ የተቀረፀ አንድ ወረብ ምረጡ፣ እኔ የ3 ደቂቃ ያህል አገኘሁ፣ እሱን ታች አስቀምጡና ሌሎቹን ስዕሎች ድምፃቸውን አጥፍታችሁ ላዩ ላይ ደርድሩ። የከበሮ መቺው እጅ ወይም የሚዘምር ሰው አፍ በቅርብ የሚታይበት ስዕል ግን የሌላ ወረብ ከሆነ አይገባም፣ ወዲያው ይታወቃል። የግድ ማሳጠር ካለባችሁ የግዕዙ ቃል አልቆ ተቀባዮቹ ሊጀምሩ ሲሉ፣ ከከባዱ የከበሮ ምት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ግዕዝ የማይችል ሰው ቃሉን መሀሉ ላይ ነው የሚቆርጠው፣ እኔም አንዱን እንደዛ ቆርጬ ሰፈራችን ያለ ዲያቆን ነው "ይሄ እኮ አላለቀም" ያለኝ። ከመላካችሁ በፊት ለአንድ ዲያቆን ወይም መሪጌታ አሰሙት፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ሞንታርቦ ስር ሆናችሁ የቀረፃችሁት ድምፅ ከተሰነጠቀ አይድንም፣ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው የቀረፀውን ፈልጉ።

ችግር፦ መጀመሪያው ላይ ከበሮውና ድምፁ ይገጥማሉ፣ 10 ደቂቃ ላይ ይለያያሉ

ይሄ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ስልክ በሰከንድ የሚይዘውን የስዕል ብዛት እንደ ብርሃኑ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ብዙ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ደግሞ እኩል ነው ብሎ ያስባል፣ በተለይ ሌሊት በተቀረፀው ይብሳል። ኤዲት ሳትጀምሩ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ffmpeg በሚባለው ፕሮግራም እኩል አድርጉት፣ ketera.mp4 ያልኩበት ላይ የራሳችሁን ፋይል ስም ፃፉ፦

```
ffmpeg -i ketera.mp4 -vf fps=30 -c:v libx264 -crf 18 -c:a aac ketera30.mp4
```

ኦሪጅናሉን አታጥፉ።

ችግር፦ ታቦቱ የሚሮጥ ይመስላል

ጉዞው ረጅም ስለሆነ ሰው ፍጥነቱን 4 እጥፍ ያደርገዋል። እባካችሁ ይሄን አታርጉ፣ ካህኑ ታቦቱን ራሱ ላይ ተሸክሞ በእርጋታ የሚሄደው እኮ በምክንያት ነው። በራሱ ፍጥነት ተዉትና ሶስት ቦታ ብቻ ውሰዱ፣ ከቤተክርስቲያን ሲወጣ፣ መንገድ ላይ፣ ፋሲለደስ መዋኛ ሲደርስ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግራችሁ ምንጣፉ ነው። ልጆቹ ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ከኋላ ጠቅልለው እየሮጡ ከፊት ያነጥፋሉ አይደል፣ የነሱን እግርና ምንጣፉ ሲዘረጋ 5 ሰከንድ አስገቡ፣ ቀጥሎ ታቦቱ ሌላ ቦታ ቢታይ ማንም ተዘለለ አይልም። ለስልክ ብላችሁ ወደ ቁመት ስትቆርጡት ደግሞ ጃንጥላው እንዳይጎረድ እዩት።

ችግር፦ አክስቴ "ልጄ፣ ታቦቱ ሳይወርድ ነው እንዴ ውሃው የተባረከው?" አለችኝ

ውሃው ሲረጭ ያለው ስዕል በጣም ስላማረኝ መክፈቻ አርጌው ነበር። እዚህ ላደገ ሰው ግን የቀኑ ቅደም ተከተል ራሱ ታሪኩ ነው። ስለዚህ በቀኑ ደረደርኩት፣ ጥር 10 ከተራ 3 ደቂቃ፣ ሌሊቱ በሻማ 1 ደቂቃ፣ ጥር 11 ንጋት ላይ ጸሎቱና ርጭቱ 2 ደቂቃ ተኩል፣ ታቦታቱ ሲገቡ ሌላ 2 ደቂቃ ተኩል። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚገባው በማግስቱ ጥር 12 ስለሆነ ከ11ዱ ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ በፊት ቀላቅዬው ነበር።

ውሃው ውስጥ ልብሳቸው ሰውነታቸው ላይ የተጣበቀ ሴቶችንና ራቁታቸውን የሚዋኙ ህፃናትን አወጣኋቸው፣ ለበረከት የገባ ሰው ቪዲዮው የት እንደሚዞር አያውቅም። በነሱ ቦታ አንዲት እናት አይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ላይ አርገው ጠብታው ነጠላቸው ላይ ሲያርፍ 8 ሰከንድ ሙሉ ሳልቆርጥ ተውኩት፣ አሳይቻቸው ፈቅደውልኛል።

ችግር፦ ቪዲዮው የላካችሁላቸው ሰዎች ጋር ሲደርስ ደብዝዟል

ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ስለላካችሁት ጨምቆት ነው። File የሚለውን መርጣችሁ ላኩት፣ የኔው 9 ደቂቃ እንደዛ ሲላክ የጸናጽሉ ድምፅ ሳይቀር ጥርት ብሎ ደረሰ።