የመጨረሻዋ መስመር ለምን አታስቅም? የአጭር ኮሜዲ ስክሪፕት ችግርና መፍትሄ

ለማሳያ አንድ የ40 ሰከንድ ስክሪፕት እንያዝ። ቦታው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ብቻውን የሚኖር ወጣት አለ፤ ጎረቤቱ እትዬ ዕቃ ሊዋሱ እየደጋገሙ ያንኳኳሉ። መጨረሻ ላይ ቡና ይጠሩታል። የሚያስቀው፣ ቤቱን አራግፈው ከወሰዱ በኋላ «ባዶ እጅህን እንዳትመጣ» ማለታቸው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ ተቀርጾ ሲታይ ላያስቅ ይችላል።

ተመልካቹ ገና ሲጀምር ያልፈዋል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰላምታው ነው። «እንደምን አደርክ? እናትህ ደህና ናቸው?» ሲባባሉ የመጀመሪያው ዕቃ፣ ስኳሩ፣ ሳይጠየቅ 10 ሰከንድ ያልቃል። ሰላምታውን ዝም ብሎ መሰረዝም አያዋጣም፤ እትዬን ነውረኛ ያስመስላቸዋል። መፍትሄው ታሪኩን ከሰላምታው በኋላ መጀመር ነው። የመጀመሪያው ምስል ልጁ በእትዬ ብርጭቆ ስኳር ሲጨምር ይሁን፤ እሳቸውም «ይበቃል፣ ይበቃል… ትንሽ ጨምርበት» ይበሉ። በ3 ሰከንድ ውስጥ ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንቢ ማለት እንደማይችል ታወቀ።

መሃሉ ይላላል

እትዬ ስኳር፣ ቀጥሎ ጨው፣ ቀጥሎ ሽንኩርት ከጠየቁ ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው። ቁጥሩ ጨመረ እንጂ ነገሩ አልከረረም። እያንዳንዱ ጥያቄ ልጁን ከበፊቱ የበለጠ ሊያስከፍለው ይገባል። ስለዚህ ከስኳሩ በኋላ ጀበናው ይሂድ። ከዚያ የከሰል ማንደጃው፤ ያውም ወጡ ተጥዶበት እያለ፣ ድስቱን አውርዶ። በመጨረሻ የተቀመጠባት በርጩማ።

ጥያቄው ሲከብድ ጊዜው ይጠር። ለስኳሩ 12 ሰከንድ ከሰጠን፣ ለጀበናው 8፣ ለማንደጃው 6፣ ለበርጩማዋ 4 ይበቃል። የልጁ መልስም አብሮ ይመንምን፦ «እሺ እትዬ፣ ምን ችግር አለው፣ ይውሰዱ»፤ ቀጥሎ «እሺ እትዬ»፤ ቀጥሎ «እሺ»። በርጩማዋ ላይ ንግግር አያስፈልግም። እትዬ በዓይናቸው ያዩዋታል፣ ልጁ ቀስ ብሎ ይነሳል። እዚህ ላይ አንድ ቃል የጨመረ ጸሐፊ ትዕይንቱን ያበላሸዋል።

የምታስቀው የመጨረሻ መስመር፣ ፓንችላይኗ፣ ተነገረች፤ ሳቅ ግን የለም

ብዙ ስክሪፕት የሚወድቀው እዚህ ነው። ሦስት ነገር ይመርመር።

አንደኛው የቃላት ቅደም ተከተል ነው። «ባዶ እጅህን እንዳትመጣ እንጂ ቡናው ደርሷል፣ ና» ከተባለ፣ የሚያስቀው ቃል ቀድሞ ወጥቶ አለቀ፤ ተመልካቹ ሊስቅ ሲል ሌላ ወሬ ይመጣበታል። ገልብጡት፦ «ቡናው ደርሷል፣ ና… ባዶ እጅህን ግን እንዳትመጣ»። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የሚያስቀውን ቃል ከግሱ ጋር አስጠግቶ ማሰር ይቻላል። ከግሱ በኋላ «እሺ የኔ ልጅ» የሚባል ጭራ አይቀጠልበት።

ሁለተኛው፣ ቃሉ አስቀድሞ ሾልኮ ይሆናል። ማንደጃው ሲሄድ ልጁ «ቤቴ ባዶ ቀረ እኮ» ካለ፣ «ባዶ» የሚለው ቃል ጉልበቱን እዚያው ጨረሰ። ባዶነቱን ካሜራው ያሳይ፤ ወለሉ ላይ የተቀመጠ ድስት ይበቃል። የቡናው ግብዣ ግን ቢገመት ችግር የለውም፤ እንዲያውም ተመልካቹ «አይ፣ ለካ ሊጠሩት ነው» ብሎ ልቡ እንዲያርፍ ያስፈልጋል። ለማወቅ የመጨረሻዋን መስመር ሸፍናችሁ ስክሪፕቱን ላልሰማ ሰው አንብቡለትና ምን ሊሉ ነው ብላችሁ ጠይቁት። ቡናውን ብቻ ከገመተ ደህና ነው። ሁለተኛውን ሐረግ ከገመተ ሾልኳል ማለት ነው።

ሦስተኛው ዕረፍቱ ነው። ከ«ና» በኋላ ልጁ ፈገግ ብሎ አንድ እርምጃ ይራመድ፤ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ከዚህ ካነሰ ሁለቱ ሐረጎች ይዋጣሉ፣ ከ2 ሰከንድ ካለፈ ተመልካቹ ቀድሞ ይደርስበታል። እትዬ መስመሯን የሚሉት ከልባቸው ነው፤ ተዋናይቷ አብራ ከሳቀች ነገሩ ተንኮል ይሆንና ያስቀይማል። ከዚያ የልጁ ፊት ለአንድ ሰከንድ ይታይና ይቆረጥ። «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚባል ካለ በጽሑፍ ይሁን።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም ካላስቀ

ድምፁን በስልክ ስፒከር ስሙት። የኮንዶሚኒየም ደረጃና ኮሪደር ያስተጋባል፤ «ባዶ» የምትለዋ አጭር ቃል በማስተጋባቱ ትዋጣለች። ያቺን አንድ መስመር ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላችሁ፣ ስልኩን ከአፍ ሁለት ስንዝር ያህል አርቃችሁ ለብቻዋ ቅረጹ። ስታቀናብሩ የልጁ ፊት በሚታይበት ምስል ላይ አስገቡት፤ እትዬ በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለሚሆን የከንፈር አለመገጣጠም አይታወቅም።